የቱቦዎቹ ዜና፦ የአንድን ዘገባ ወገንተኝነት በማስረጃ ስለመገምገም

ጥያቄ፦ «የአንድን የዜና ዘገባ ወገንተኝነት በምንጭ አጠቃቀም፣ በቋንቋ፣ በግድፈትና በአርዕስት አቀራረብ የሚገመግም ሂሳዊ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን ነበር። አራት ንዑስ ርዕስ አድርጌ ጻፍኩት፤ መምህሬ ግን ‹ይህ የቃላት ለቀማ እንጂ ክርክር አይደለም› ብለው መለሱልኝ። አራቱን ነጥቦች እንዴት አንድ ክርክር ማድረግ ይቻላል? በተለይ ያልተጻፈን ነገር ‹ተትቷል› ብሎ ማስረዳት የሚቻለው እንዴት ነው?»

መልስ፦

ድርሰትዎን ለቀማ ያደረገው አከፋፈሉ ይመስለኛል። በአራት ንዑስ ርዕስ የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር የሚሞላው ነገር መፈለጉ አይቀርም፤ ከዘገባው እዚህም እዚያም የለቀመውን ሲደረድር አንዱ ነጥብ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አይኖርም። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ዘገባው በሙሉ የቆመበትን አንድ ዋና አባባል መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ነው። አባባሉን ማን ተናገረው? የተናጋሪው ማንነት የት ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ? ሊቃወመው የሚችል ሰው ለምን አልተሰማም? በመጨረሻስ አርዕስቱ ላይ ምን መስሎ ወጣ? እነዚህ ጥያቄዎች በተከታታይ ሲጠየቁ አራቱ መመዘኛዎች ሳይገደዱ በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉ።

ይህን በተጨባጭ ለማሳየት ኒው ዮርክ ታይምስ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 በፊት ገጹ ያወጣውን፣ ማይክል ጎርደንና ጁዲት ሚለር የጻፉትን ዘገባ እወስዳለሁ (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አርዕስቱ በአማርኛ ሲቀመጥ «ሁሴን የአቶም ቦምብ ክፍሎችን ፍለጋውን እያጠናከረ ነው ስትል አሜሪካ ገለጸች» የሚል ነው። የዘገባው ምሰሶ አንድ አባባል ነው፤ ኢራቅ ልትገዛቸው የሞከረቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ዩራኒየም ለማበልጸግ ለሚያገለግሉ ሴንትሪፊውጆች የታሰቡ ናቸው የሚል። ይህን ዘገባ የመረጥኩት ጋዜጣው ራሱ በሜይ 26 ቀን 2004 ባወጣው የአዘጋጆች ማስታወሻ ስለመረመረውና የቱቦዎቹም ጉዳይ በኋላ ስለተጣራ፣ የምንሰነዝረው ትችት ትክክል መሆን አለመሆኑ ሊመሳከር ስለሚችል ነው። በተረፈ ዘገባው ስድብ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም፤ ቃላት ለቃሚ ሰው ብዙ የሚያገኝበት ጽሑፍ አይደለም። ለትምህርት የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ከምንጩ እንጀምር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳዳም ሁሴን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን ለመተው ከተስማሙ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኢራቅ የኑክሌር መሣሪያ ፍለጋዋን ማጠናከሯንና የአቶም ቦምብ መሥሪያ ቁሳቁስ ለማግኘት በዓለም ዙሪያ አደን መጀመሯን ይናገርና፣ በመጨረሻው ላይ ይህን ያሉት የቡሽ አስተዳደር ባለሥልጣናት መሆናቸውን ይጨምራል። ወደ ቱቦዎቹ ሲመጣ ደግሞ ለሴንትሪፊውጅ የታሰቡ እንደሆኑ «የአሜሪካ ባለሥልጣናት ያምናሉ» ይላል። ቀጥሎም የቱቦዎቹ ስፋት፣ ውፍረትና ሌሎች ቴክኒካዊ መለኪያዎች የአሜሪካን የስለላ ባለሙያዎች እንዳሳመኑ ይገልጻል፤ ይህንንም የተናገሩት ባለሥልጣናቱ ናቸው።

እዚህ ላይ እርሳስ ይዘው ቢያነቡ ይመከራል። ዓረፍተ ነገሮቹን በተራ ቁጥር ይቁጠሩና ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ማን አለ፣ የተባለውን ነገር በምን ያውቀዋል፣ አንባቢው ቢያምነው ምን ይጠቀማል። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የሚያገኙት ነገር ዓይን የሚስብ ነው። «ባለሙያዎች» የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ባለሙያ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ስለ ቱቦ ውፍረት የሚያውቁት ሰዎች አምነዋል ብሎ የመሰከረላቸው ሌላ ሰው፣ ማለትም ስሙ ያልተጠቀሰ ባለሥልጣን ነው። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ሁለት ምንጮች ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን አንድ ምንጭና ያ ምንጭ የጠራውን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ የምንጮችን ብዛት መቁጠር ብዙ አይጠቅምም። አሥር ባለሥልጣናት ከአንድ አስተዳደር፣ በአንድ ሳምንት፣ አንድ ዓይነት ነገር ቢናገሩ አንዱ ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። መመዘን ያለበት የምንጮቹ ነጻነት ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ላይሳሳት የሚችልበት መንገድ አለ ወይ?

በተማሪዎች ጽሑፍ ላይ በተደጋጋሚ የማየውን አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ላንሣ። ምንጩ ስሙ አለመጠቀሱን ብቻ ይዞ «ስለዚህ ዘገባው ወገንተኛ ነው» ማለት አያስኬድም። ስለ ስለላ መረጃ የሚናገር ሰው ስሙን ቢገልጽ ሥራውን ሊያጣ፣ ሊከሰስም ይችላል፤ ስም መሸሸግ በዚህ ዓይነት ዘገባ የተለመደና ብዙ ጊዜም ተገቢ ነው። የሚያስተቸው ስሙ ከተሸሸገው ሰው ጋር ጥቅሙም አብሮ ሲሸሸግ ነው። በዚያ ወቅት የአሜሪካ መንግሥት ሳዳም ሁሴን ከሥልጣን መወገድ አለባቸው የሚል ዘመቻ ላይ ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በኦገስት 26 ይህንኑ የሚያጠናክር ንግግር አድርገዋል፤ ፕሬዚዳንት ቡሽም ዘገባው ከወጣ ከአራት ቀን በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ስለ ኢራቅ ሊናገሩ ነበር። በዚህ መሐል የተሰጠ መረጃ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥንቁቅ ዘገባ መረጃው አሁን ለምን እንደተሰጠ አንባቢው እንዲያስብ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይተውለታል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ድርሰት ጸሐፊዎች መጀመሪያ የሚያድኑት ስሜት ቀስቃሽ ቅጽሎችን ነው። ቅጽል ግን ብዙውን ጊዜ ከሰዋስው ያነሰ ሥራ ነው የሚሠራው። ስለ ቱቦዎቹ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንደገና እንመልከተው። ኢራቅ ባለፉት 14 ወራት «በልዩ ሁኔታ የተነደፉ» በሺዎች የሚቆጠሩ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ለመግዛት ሞክራለች ይላል፤ ከዚያም እነዚህ ቱቦዎች ለሴንትሪፊውጅ የታሰቡ መሆናቸውን የአሜሪካ ባለሥልጣናት እንደሚያምኑ ይገልጻል። «ያምናሉ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው የቱቦዎቹን ዓላማ ብቻ ነው። «በልዩ ሁኔታ የተነደፉ» የሚለው ከዚያ ሽፋን ውጭ ቆሞ የጋዜጣው የራሱ ዕውቀት ሆኖ ቀርቧል። ልዩ ንድፍ አላቸው ከተባለ ደግሞ አንባቢው ለልዩ ዓላማ ናቸው ብሎ ራሱ ይደመድማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የባለሥልጣናቱ እምነት አዲስ ነገር ሳይሆን አንባቢው አስቀድሞ የደረሰበት ነገር ይሆንለታል። አንድን ክርክር ገና ሳይጀመር በገለጻ ውስጥ አሸንፎ መግባት ማለት ይህ ነው።

ወደታች ወረድ ሲሉ ደግሞ ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ዘገባው ሳዳም ሁሴን የኑክሌር ምኞታቸውን ለማሳካት የያዙት ግትር አቋም፣ ከአገራቸው የኮበለሉ ኢራቃውያን በቃለ መጠይቅ ከገለጹት የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ማስፋፋት ጋር ተዳምሮ፣ ኢራቅንና አሜሪካን ከጦርነት አፋፍ እንዳደረሳቸው ይናገራል። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ይክፈሉት። የኬሚካሉና የባዮሎጂው ወሬ ባለቤት አለው፤ ኮብላዮቹ ናቸው የተናገሩት። የኑክሌሩ ግን ባለቤት የለውም። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ባለሥልጣናት ተናገሩ» የሚል ማሰሪያ የነበረው አባባል እዚህ ሲደርስ ማሰሪያውን ጥሎ የጋዜጣው የራሱ ድምፅ ሆኗል። በመሐል የተጨመረ ማስረጃ ቢኖር ኖሮ ለውጡ ተገቢ በሆነ ነበር፤ ይሁን እንጂ በመሐሉ ያለው የእነዚያው ባለሥልጣናት ንግግር ነው።

በዚሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የድርጊቱ ባለቤት ማን እንደሆነም ያስተውሉ። ሁለቱን አገሮች ከጦርነት አፋፍ ያደረሰው የሳዳም ግትርነት ነው ተብሏል። ያንኑ ሁኔታ «የቡሽ አስተዳደር ሳዳምን በኃይል ለማስወገድ መዘጋጀቱ ሁለቱን አገሮች ከጦርነት አፋፍ አድርሷቸዋል» ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር፤ ይህም በተራው ወገን የያዘ አጻጻፍ ይሆናል። «ሁለቱ አገሮች ጦርነት አፋፍ ላይ ናቸው» ቢባል ግን የሚጎድል መረጃ አልነበረም። ቋንቋን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፦ አጠራጣሪውን አገላለጽ በተራ አገላለጽ ይተኩትና የጠፋ መረጃ እንዳለ ይመልከቱ። መረጃ ከጠፋ ቃሉ ሥራ ነበረው፤ ይተዉት። የጠፋው ፍርድ ብቻ ከሆነ ግን ለድርሰትዎ የሚሆን ማስረጃ አግኝተዋል ማለት ነው። ከአንድ ዘገባ እንዲህ ያሉ ሁለት ቦታዎችን በዝርዝር ማሳየት ሃያ ቅጽሎችን ከመደርደር የበለጠ ክብደት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ወደ ግድፈቱ እንምጣ። ግድፈት ለድርሰት ጸሐፊ ከሁሉ የሚያስቸግረው ክፍል የሆነው ማንኛውም ዘገባ ከሚጽፈው የሚተወው ስለሚበልጥ ነው። «ስለ እገሌ አልተጻፈም» ማለት በራሱ ምንም አያረጋግጥም። አንድ የቀረ ነገር የወገንተኝነት ማስረጃ ሊሆን የሚችለው በሁለት ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ዘገባው በተጻፈበት ቀን ጥረት ለሚያደርግ ጋዜጠኛ ሊታወቅ የሚችል ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ ቢጻፍ ኖሮ አንባቢው ስለ ዋናው አባባል የሚኖረውን ግምት ይለውጠው ነበር ወይ?

በቱቦዎቹ ጉዳይ ሁለተኛው ፈተና ቀላል ነው። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ቱቦዎቹ አንድ ሐሳብ አልነበረውም። የማዕከላዊ ስለላ ድርጅቱ ተንታኞች ለሴንትሪፊውጅ ናቸው ሲሉ፣ በመንግሥት ውስጥ ስለ ሴንትሪፊውጅ ከሁሉ የተሻለ ዕውቀት የነበራቸው የኢነርጂ ሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ከ2001 ጀምሮ ይህን ይጠራጠሩ ነበር። ቱቦዎቹ 81 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበራቸው፤ ይህም ኢራቅ ትሠራቸው ከነበሩት መለስተኛ ሮኬቶች ጋር አንድ ነው። ይህ ክርክር በመሪው አንቀጽ አጠገብ ቢቀመጥ አንባቢው «ኢራቅ ቦምብ እየሠራች ነው» ከሚለው ይልቅ «የአሜሪካ ባለሙያዎች ስለ ቱቦዎቹ አልተስማሙም» የሚለውን ይዞ ይሄድ ነበር።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ፈተና ነው። የባለሙያዎቹ ክርክር ምስጢር ነበር፤ ጋዜጠኞቹ በዕለቱ እንደሚያውቁት የሚያሳይ ነገር ከዘገባው ብቻ ማግኘት አይቻልም። ይህን ክፍተት የሚሞላልዎት የዚያን ሰሞን ሌሎች ዘገባዎች ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ በሴፕቴምበር 6፣ የጋዜጦች ባለቤት የሆነው የናይት ሪደር ኩባንያ የዋሽንግተን ቢሮ ስለ ኢራቅ መሣሪያ ጠንካራ ማስረጃ አለመኖሩ አንዳንድ ከፍተኛ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን እንዳሳሰበ ዘግቧል። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምስ ዘጋቢዎች ራሳቸው ቱቦዎቹ በስለላ ተቋማት መካከል እያከራከሩ መሆኑን ደርሰውበታል። በሴፕቴምበር 19 ዋሽንግተን ፖስት ነጻ ባለሙያዎች የቱቦዎቹን ማስረጃ እንደሚጠራጠሩ ጽፏል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ የሚያረጋግጡት ጥርጣሬው በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ለጠየቀ ሰው የሚገኝ እንደነበር ነው። የማያረጋግጡት ደግሞ ጋዜጠኞቹ አውቀው መደበቃቸውን ነው። ስለዚህ ድርሰትዎ ላይ «ሊታወቅ ይችል ነበር» ብለው ይጻፉ፤ «ደበቁ» የሚለውን ግን ማስረጃ እስኪያገኙለት ድረስ አይንኩት።

በተመሳሳይ ምክንያት ከዘገባው በኋላ የመጣን ማስረጃ በዘገባው ላይ መጠቀም ተገቢ አይደለም። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ2003 መጀመሪያ ላይ ቱቦዎቹ ከሮኬት ሥራ ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን ገልጿል፤ ከዚያው ዓመት የኢራቅ ጦርነት በኋላ የተደረገው የአሜሪካ ምርመራም በ2004 እዚያው ላይ ደርሷል። እነዚህ ዘገባው መሳሳቱን ያሳያሉ። መሳሳት ግን አንድ ነገር ነው፣ ወገንተኝነት ሌላ። ቱቦዎቹ በእርግጥ ለሴንትሪፊውጅ ሆነው ቢገኙ እንኳ የባለሙያዎቹን አለመስማማት ያላሳየ ዘገባ ያው ጉድለት ይኖርበት ነበር። የእርስዎ ድርሰት ውጤቱ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ የማይፈርስ መሆን አለበት። እኔ ጽሑፍ ሳርም መጀመሪያ የምሞክረው ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ በዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ሙሉ ግድፈት ካልሆነ ከግድፈት የማይተናነስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቦታ ነው። የጋዜጣው አዘጋጆች በ2004 ማስታወሻቸው ቱቦዎቹ ለኑክሌር ነዳጅ መሥሪያ መጥቀማቸው እርግጥ እንዳልሆነ የሚጠቁም ነገር በዘገባው ውስጥ እንደነበረ፣ ነገር ግን ከ3,600 ቃላት ውስጥ 1,700ኛው ቃል ገደማ ላይ ተቀብሮ እንደነበር አምነዋል። እንግዲህ «ዘገባው ጥርጣሬን ጨርሶ አላነሣም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስሕተት ጽፏል፤ አንድ ጥንቁቅ አንባቢ ያችን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ቢያሳየው ክርክሩ በሙሉ ይፈርስበታል። ትክክለኛው አባባል ጥርጣሬው እስከ ግማሽ አካባቢ ወርዶ መቀመጡ ነው፤ የዜና አጻጻፍ ደንብ ዋናውን ነገር ከላይ ስለሚያስቀምጥና ብዙ አንባቢም እስከዚያ ስለማይደርስ፣ ቦታው ራሱ የዋጋ ምልክት ነው። በአንጻሩ ባለሥልጣናቱ የመጀመሪያው የማያሻማ ማስረጃ የኑክሌር ፍንዳታ ደመና ራሱ ሊሆን ይችላል ብለው እንዲከራከሩ ሰፊ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በእርስዎም ዘገባ ላይ የጠቅላላውን ቃል ብዛት ይቁጠሩና ተቃራኒው ሐሳብ ስንተኛው ቃል ላይ እንደሚጀምር ይመዝግቡ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ማንም ሊከራከርበት የማይችል ማስረጃ ይሰጥዎታል።

አርዕስቱን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። አንባቢ የሚጀምረው ከአርዕስቱ ቢሆንም፣ ገምጋሚ ግን የዘገባውን አካል ሳያውቅ አርዕስቱ ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ ሊያውቅ አይችልም። የዚህ ዘገባ አርዕስት ላይ ላዩን ሲታይ ጥንቁቅ ነው፤ «ስትል አሜሪካ ገለጸች» የሚል ማሰሪያ ስላለው አባባሉን ለተናጋሪው ሰጥቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አርዕስቱ ሚዛናዊ ነው» ብሎ ያልፋል። ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ግን ሁለት ለውጦች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ አካሉ «ባለሥልጣናት» ያላቸውን አርዕስቱ «አሜሪካ» ብሏቸዋል። በውስጡ የተከፋፈለው መንግሥት አርዕስቱ ላይ አንድ አፍ ሆኖ ተናገረ፤ ከዘገባው አካል የቀሩት ተጠራጣሪ ባለሙያዎች እዚህ ላይ መቅረት ብቻ ሳይሆን «አሜሪካ» በሚለው ስም ውስጥ ተጠቃለው የማያምኑበትን ነገር እንደተናገሩ ተቆጥረዋል። ግድፈቱና አርዕስቱ የሚገናኙት በዚህች ቃል ላይ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ቱቦዎቹን ይመለከታል። አካሉ የሴንትሪፊውጅ አካል እንዲሆኑ የታሰቡ እንደሆነ ይታመናል ያላቸው ነገሮች አርዕስቱ ላይ «የአቶም ቦምብ ክፍሎች» ሆኑ። አከራካሪው ዓላማ የዕቃው መጠሪያ ስም ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሴንትሪፊውጅ ዩራኒየም የሚያበለጽግ መሣሪያ እንጂ የቦምብ አካል አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ከባድ የሥራ ደረጃ አለ። «እያጠናከረ ነው» የሚለውም ፍለጋው አስቀድሞ መኖሩን እንደ ታወቀ ነገር ወስዶ ስለ መጠኑ ብቻ ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በትላልቅ ጋዜጦች አርዕስት የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ዘጋቢው ሳይሆን የአርትዖት ክፍሉ ስለሆነ፣ በአርዕስቱ ላይ የሚያቀርቡትን ትችት «ጋዜጣው» ብለው ይጻፉ እንጂ በዘጋቢዎቹ ስም አያድርጉት።

የአርዕስት ግምገማ ከአንድ ዘገባ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ይበረታል። ጋዜጣው ከአምስት ቀን በኋላ ያገኘውን የባለሙያዎች አለመስማማት ያወጣው በውስጥ ገጽ፣ ኤ13 ላይ ነው፤ አርዕስቱም ኋይት ሐውስ ኢራቅ የተከለከሉ መሣሪያዎችን ለመሥራት የወሰደቻቸውን እርምጃዎች መዘርዘሩን የሚናገር ስለነበር የቀደመው ዘገባ እየተሻሻለ መሆኑን የሚጠቁም ምንም ነገር አልነበረበትም። የአቶሚክ ኤጀንሲው በጃንዋሪ 2003 የሰነዘረው ጥያቄም ኤ10 ላይ ነው የወጣው። አባባሉ በፊት ገጽ፣ ጥርጣሬው በውስጥ ገጽ። አዘጋጆቹ ይህንንም በ2004 ማስታወሻቸው አምነዋል፤ ማስታወሻው ራሱ የወጣው ኤ10 ላይ መሆኑን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።

ድርሰትዎ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ካላስተናገደ ራሱ የሚተቸውን ጥፋት ይፈጽማል። በዚህ ጉዳይ መከራከሪያው ደካማ አይደለም። ጋዜጠኞቹ የጻፉት በወቅቱ በስለላ ተቋማቱ ውስጥ ሚዛን የደፋውን አስተያየት ነበር፤ በኦክቶበር 2002 የወጣው የተቋማቱ የጋራ ግምገማ ላይ አብዛኞቹ ይህንኑ ይዘዋል። ኢራቅ ከ1991 በፊት የኑክሌር መሣሪያ ፕሮግራም እንደነበራትና መጠኑም ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ሲታወቅ ከተገመተው በልጦ መገኘቱ እውነት ነው፤ ተቆጣጣሪዎችም ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ኢራቅ ውስጥ አልነበሩም። ይህ ሁሉ አዘጋጆቹ አባባሉን ለምን እንዳመኑት ያስረዳል። የማያስረዳው «ባለሥልጣናት ያምናሉ» የነበረው ለምን በጋዜጣው ድምፅ እንደተጻፈና ጥርጣሬው ለምን ከታች እንደተቀመጠ ነው። ድርሰትዎ ቆሞ መሟገት ያለበት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

እንግዲህ የመነሻ ዓረፍተ ነገርዎ «ዘገባው በምንጭ፣ በቋንቋ፣ በግድፈትና በአርዕስት ወገንተኛ ነው» የሚል ከሆነ መምህርዎ ቀድሞ ያሉትን ይደግሙልዎታል። ከላይ ከተመለከትነው የሚወጣው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዘገባው ስማቸው ያልተጠቀሰ የአንድ አስተዳደር ባለሥልጣናት ያቀረቡትን አከራካሪ አባባል በሂደት ባለቤቱን እያራቀ የጋዜጣው የራሱ ዕውቀት አድርጎታል፤ በመንግሥቱ ውስጥ የነበረውን አለመስማማት ሳያሳይ፣ ጥርጣሬውን ዝቅ አድርጎ በማስቀመጥና ተናጋሪውን በአርዕስቱ ‹አሜሪካ› ብሎ በመጥራትም አንባቢው ክርክር መኖሩን እንዳያውቅ አድርጓል።» ይህ ሊስተባበል የሚችል አባባል ነው፤ ለዚህም ነው ክርክር የሚባለው። አንቀጾቹም ከዚህ ይከተላሉ፤ መጀመሪያ አባባሉ ከማን እንደመጣ፣ ቀጥሎ ባለቤቱን የጣለበት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ የቀረው ክርክርና ቦታው፣ በመጨረሻም አርዕስቱ።

የአንቀጽ አጻጻፉ ምን እንደሚመስል አንዱን ላሳይዎት። «በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ኢራቅ የኑክሌር ጥረት የተነገረው ለቡሽ አስተዳደር ባለሥልጣናት ተሰጥቷል። ጥቂት ወረድ ብሎ ግን ጋዜጣው የሳዳምን የኑክሌር ምኞት ያለ ምንም ተናጋሪ ይገልጻል፤ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለ ኬሚካልና ባዮሎጂ መሣሪያዎች የተነገረውን ግን ለኮብላዮቹ መስጠቱን አልዘነጋም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከባለሥልጣናቱ ውጭ የተገኘ አዲስ ማስረጃ አልቀረበም። ስለዚህ አባባሉ ከአጠራጣሪነት ወደ እርግጠኝነት የተሸጋገረው በማስረጃ ሳይሆን በአጻጻፍ ነው።» እንደሚያዩት አንቀጹ ውስጥ «ወገንተኛ» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

እርስዎ የመረጡት ዘገባ ትንሽና ስለእርሱ ማንም የአዘጋጆች ማስታወሻ ያልጻፈለት ሊሆን ይችላል። ምንጩን፣ ቋንቋውንና አርዕስቱን ለመገምገም ጽሑፉ ራሱ ይበቃዎታል። ግድፈቱን ግን ያለ ውጭ ማመሳከሪያ አይሞክሩት፤ በዚያው ሳምንት ስለዚያው ጉዳይ የተጻፉ ቢያንስ ሁለት ሌሎች ዘገባዎችን ወይም ዘገባው የጠቀሰውን ሰነድ ሙሉ ቃል ያግኙ። ከዘገባው ቀን በፊት ይታወቅ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ካላገኙ ግድፈት የሚለውን ክፍል ከድርሰቱ አውጥተው፣ በዘገባው ውስጥ ስላለው ቦታ አሰጣጥ ብቻ ይጻፉ።